ያው ትምህርት በወረቀት፣ በድምፅ ማጉያና በስልክ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ መንዝ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። ስለ ውርጭ አንድ ትምህርት አዘጋጅተናል። ግማሹ መምህር በወረቀት ይባዛ ይላል፣ ሌላው በሚኒ ሚዲያ ይነበብ ይላል፣ ተማሪዎቹ ደግሞ ቪዲዮ ሠርተን ቴሌግራም ላይ እንልቀቀው ብለዋል። ይዘቱ አንድ ከሆነ ምን ለውጥ አለው? ‹ሚዲያው ራሱ መልእክቱ ነው› የሚባለውስ ይዘት ዋጋ የለውም ማለት ነው?»

ምላሽ፦ አይደለም። ይህን አባባል በዓለም ያሰራጨው ካናዳዊው ማርሻል ማክሉሃን ነው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በሰፊው አስረድቶታል። ይዘት ዋጋ የለውም አላለም። ያለው ሌላ ነው። አንድ ሚዲያ በሰው ኑሮ ውስጥ የሚያመጣው የመጠን፣ የፍጥነትና የአሠራር ለውጥ ከሚያመላልሰው ወሬ የበለጠ ሥር ይሰድዳል፤ እኛ ግን ዓይናችንን ወሬው ላይ ስለምንተክል ለውጡን አናየውም ነው ያለው። ምሳሌው አምፖል ነበር። አምፖል ምንም አይናገርም፣ ይዘት የለውም። መብራት የገባበትን ቀበሌ ግን አስበው፦ የልጆች የጥናት ሰዓት ተቀየረ፣ ሱቅ የሚዘጋበት ሰዓት ተቀየረ፣ የማታው ጨዋታ ሳይቀር ተቀየረ። «አምፖሉ ምን አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ይህ ነገር ዛሬ ምን ነገረኝ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ይህን ነገር በዚህ መንገድ ስቀበል ምን ማድረግ እለምዳለሁ?» የሚለው ነው። የእናንተ ክርክር መጀመሪያው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። መምህራኑ ጽሑፉን አይተው «ያው ነው» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ተማሪው ጽሑፉን ሲቀበል የሚያደርገው ነገር ግን ያው አይደለም።

ማክሉሃን ሌላም የሚጠቅምህ ነገር ብሏል። የአንድ ሚዲያ ይዘት ሁልጊዜ ሌላ፣ ከእሱ የቀደመ ሚዲያ ነው ይላል። ለዚህ ከእኛ አገር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ታሪኩ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው። መጽሐፉን የያዘ ሰው ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ራሱ ነው። ጉዱ ካሣ ስለ ሥርዓቱ የሚያነሳውን ረጅም ክርክር ሲያነብ መሃል ላይ ያቆማል፣ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ «ይሄ ካለፈው ጋር ይሄዳል?» ብሎ ይመዝናል። የፊታውራሪ መሸሻን ድምፅ የሚፈጥረውም እሱ ነው። ሬዲዮ የሚሰማው ሰው ይህን አያደርግም። ሰዓቱን የሚወስነው ጣቢያው ነው። ክርክሩ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በጆሮ የሚቀረው የጉዱ ካሣ ንዴት ነው፣ ድምፁ ነው፣ ትንፋሹ ነው። በሌላ በኩል ሬዲዮው ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስቦ ነው የሚያሰማው። ያመለጠው ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ጎረቤቱም በራሱ አፍ ይተርክለታል፣ ታሪኩ የመንደር ጨዋታ ይሆናል። ፊደል ያልቆጠረችው አያትም በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ታውቃለች። እስከ ዛሬ «አንብቤዋለሁ» ከሚሉት መካከል ብዙዎቹ የሰሙት ናቸው፤ ሰምተውም በደንብ ያውቁታል። ጉዱ ካሣ ምን ብሎ እንደተከራከረ ብትጠይቃቸው ግን ልዩነቱ ብቅ ይላል።

አሁን ወደ ውርጩ እንምጣ። ጽሑፋችሁን ስላላየሁት ትምህርቱ በአጭሩ የሚከተለው ነው ብዬ ልነሳ። ቀን መሬት ከፀሐይ የወሰደችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ ከሚወጣው ሙቀት ብዙውን መልሶ ወደ መሬት ይልከዋል፤ ሰማዩ ከጠራ ግን ሙቀቱ አምልጦ ይሄዳል። ነፋስ ከሌለ መሬቱን የነካው አየር እዚያው ቆሞ ይቀዘቅዛል፤ ነፋስ ካለ ግን ከላይ ካለው ሞቅ ያለ አየር ጋር ይደባለቃል። የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ ተዳፋቱን ይዞ ወደ ረባዳው ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ረባዳ ላይ ያለው ባቄላ ሲመታ ከፍ ብሎ ጎኑ ላይ ያለው ሊተርፍ ይችላል።

አምስት ሐሳብ ነው፤ እያንዳንዱ በፊቱ ባለው ላይ ቆሟል። እንዲህ ዓይነት ሰንሰለት ያለው ነገር ሲሆን ነው ሚዲያው መልኩን የሚያሳየው።

በወረቀት ጀምር። ተማሪዋ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ግራ ይገባታል፦ «ከፍታ ላይ አይደል እንዴ የሚበርደው? ለምን ረባዳው ተመታ?» ዓይኗ ራሱ ወደ አራተኛው ይመለሳል። ያ መመለስ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከኅትመት የምታገኘው ትልቁ ነገር ግን እሱ ነው። ጽሑፉ ቆሞ ይጠብቃታል። ስትመለስ ያው ቃል ነው፣ አይለወጥም፣ አይቆጣም። ስለዚህ ክርክሯ ከመምህሩ ጋር መሆኑ ይቀርና ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ይሆናል። ዳር ላይ «የእኛ ማሳ ግን ጎን ላይ ሆኖ ተመታ» ብላ ልትጽፍም ትችላለች። ይህ ማስታወሻ ወርቅ ነው፤ ምናልባት ከማሳው በታች ግንብ ወይም ጥቅጥቅ ያለ አጥር አለ፣ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች እንዳይወርድ አግዶታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚወለደው ሰንሰለቱን በአንድ ጊዜ ፊት ለፊት ዘርግቶ ማየት ሲቻል ነው።

የወረቀት ድካሙም እዚያው ነው። ወረቀት አይጣራም። ቦርሳ ውስጥ ከገባ ሰሚስተሩን ሙሉ ዝም ብሎ ይተኛል። የሚያነቡት ለየብቻ ስለሆነ አንዱ የገባው ሌላው ይግባው አይግባው አያውቅም። ፊደል ያልቆጠረውን አባት ደግሞ በጭራሽ አይደርሰውም፤ ባቄላው የእሱ ሆኖ ሳለ።

ሚኒ ሚዲያው ከሬዲዮ ጎራ ነው። ድምፅ ማጉያ ሆነ ሬዲዮ፣ ለሰሚው አንድ ነው፦ የሚያልፍ ድምፅ። አራተኛው ሐሳብ ሲነበብ አንደኛው ከጆሮ ወጥቷል። ወረቀቱን እንዳለ ለአንባቢ ተማሪ ብትሰጠው «ከላይ እንደተጠቀሰው» የሚለውን ሳይቀር ያነበዋል። በድምፅ ላይ «ላይ» የሚባል ቦታ የለም! ሚኒ ሚዲያ ሲነበብ ቆመህ ብትሰማ እንዲህ ዓይነት ነገር በየቀኑ ታገኛለህ፤ ለዓይን የተጻፈ ለጆሮ ሲነበብ ተማሪው የሚያወራው ሰልችቶት እንጂ ባለጌ ሆኖ አይደለም።

ለጆሮ ሲሆን ጽሑፉ መለወጥ አለበት። አንድ ሐሳብ ብቻ ያዝ፣ ሦስት ጊዜ መልሰው፣ ሰው አስገባበት። «ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል። ነፋስም የለም። ሰማይ ሲጠራና ነፋስ ሲጠፋ ውርጭ ይመጣል። ቤት ስትገቡ ንገሩ።» በቃ። እዚህ ላይ ምክንያቱ የለም፤ ደንቡ ብቻ ነው ያለው። የመንዝ ሽማግሌ ሁሉ ይህን ደንብ ያውቀዋል፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማታ ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ ነው የሚተኛው። በጆሮ የሚተላለፍ እውቀት ደንቡንና ምልክቱን አጥብቆ ይይዛል። «ነፋስ ባይቆም ኖሮስ?» የሚለውን ዓይነት ጥያቄ ግን ለብቻው ይዞ የሚያቆይበት ቦታ የለውም።

የድምፅ ትልቁ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው፣ እሱን አትናቀው። ግቢው ሙሉ በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ሁሉም መስማቱንም ሁሉም ያውቃል። ወረቀት ይህን አይሰጥም፣ ስልክም አይሰጥም። ሦስት ልጆች ያሉት አባት ማታ ከሦስቱም አንድ ወሬ ይሰማል። እነሱም ስለሰሙት ነገር እርስ በርስ ለመነጋገር መግቢያ አያስፈልጋቸውም። ማክሉሃን ሬዲዮን የነገድ ከበሮ ያለው ለዚህ ነው። ከበሮነቱ ግን አደጋም አለው። ድምፅ እርግጠኝነት ይዞ ይመጣል። ማይኩን የያዘው ልጅ ከተሳሳተ መላው ግቢ በአንድ ጊዜ ይሳሳታል፣ ቆሞ «ቆይ፣ መልስልኝ» የሚል የለም። ስለዚህ ድምፅ ማጉያ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ በሌላ ሰው መታየት አለበት። ይህን ክበቡ ውስጥ ሕግ አድርገው።

ቪዲዮው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የሚምታታው እዚህ ነው። ተማሪዎችህ ማታ አረንጓዴ የነበረ የባቄላ ቅጠል ጠዋት ነጭ ሆኖ፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ደግሞ ጠቁሮ ቢያሳዩ በ20 ሴኮንድ የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ያላደረገውን ያደርጋሉ። መጥቆሩን ማየት ሌላ ነገር ነው። ይህን ለመናገር አራት መስመር ይፈጅብኛል፤ አራቱንም መስመር ያነበበ ሰው ደግሞ ቅጠሉን አላየውም።

ግን ካሜራ የማይችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ «የለም»፣ «ቢሆን ኖሮ» እና «ምክንያቱም»። ደመና አለመኖሩን መቅረጽ አትችልም፤ የምትቀርጸው ሰማይ ነው፣ ተመልካቹ የሚያየውም የሚያምር የኮከብ ሰማይ ነው። «ደመና ቢኖር ኖሮ ቅጠሉ ይተርፍ ነበር» የሚል ምስል የለም። ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ሲወርድም አይታይም። ልጆቹ ይህን ሲረዱ ድምፅ ይጨምሩበታል ወይም ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ያወርዱበታል። ያኔ ወደ ሬዲዮና ወደ ኅትመት ተመልሰዋል፤ ያውም ያ ጽሑፍ ሳይነበብ የሚያልፍ ነው።

ምስል «ምክንያቱም» ስለሌለው በምትኩ ቅደም ተከተል ይሠራል። አንዱን ምስል ከሌላው አስከትለህ ካሳየህ ተመልካቹ ራሱ ያገናኘዋል። ጥርት ያለ ሰማይ፣ ቀጥሎ የተመታ ቅጠል፦ «አሃ፣ ሰማዩ ነው» ይላል። እዚህ ላይ እድል ሆኖ ልክ ነው። ልጆቹ ግን ያንን ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ስላማረቻቸው ጨረቃዋን ቢቀርጹና ከእሷ ቀጥሎ ቅጠሉን ቢያስገቡስ? ግማሹ ክፍል ጨረቃ ባቄላ እንደምትመታ ተምሮ ይወጣል። ማንም እንዲህ አላለም። ማንም ስላላለው ደግሞ «ይህ ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው» ብለህ የምታርመው ነገር የለህም።

ይህ ተራ የክፍል ጨዋታ እንዳይመስልህ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን አስታውስ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1973 በአገሩ አሳይቶት ነበር። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ በረሃብተኞቹ ምስል መሃል የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል እያስገባ አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ቅንብሩን በባለሙያ ዓይን እየው። ረሃቡ እውነት ነበር። ግብዣውም እውነት ነበር። በጋዜጣ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው በሁለቱ መካከል አንድ አያያዥ ቃል ማስገባት ነበረበት፦ «በዚህ ምክንያት»፣ «ይህን እያወቁ»፣ «በዚያው ቀን»። ያንን ቃል ካስገባ ደግሞ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ግብዣው መቼ ነው? ያኔ ስለ ረሃቡ ማን ምን ያውቅ ነበር? ምስሉ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ጎን ለጎን አስቀመጠ፣ ፍርዱን ተመልካቹ ሰጠ፣ ተመልካቹም የራሱ ፍርድ ስለመሰለው አጥብቆ ያዘው። ንጉሡ ጥፋተኛ ነበሩ አልነበሩም የሚለው የታሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ የእኔ ነጥብ አያያዡ ቃል መጥፋቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ። «ፊልሙ ነው ንጉሡን ያወረደው» የሚል ሰው ካገኘህ አትቀበለው። ደርግ ለወራት ሚኒስትሮችንና ባለሥልጣናትን ሲያስር ቆይቷል፤ ቴሌቪዥን የነበረው ቤትም ጥቂት ነበር። ሚዲያው ሥልጣኑን አልቀማም፣ የተቀማበትን ምክንያት እንዴት እንደምናስብ ነው የቀረጸው። እኛ ዛሬም ያንን ጊዜ ስናወራ ረሃቡንና ድግሱን አንድ ላይ ነው የምናየው። ማክሉሃንን የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁለቱን ያደባልቃል።

«እሺ፣ ታዲያ ወረቀቱን ፒዲኤፍ አድርገን ቴሌግራም ላይ እንልቀቀው፣ ኅትመትም ይሆናል የማባዣም ብር ይቀራል» የሚል መምህር አይጠፋም። ጽሑፉ ያው ነው፣ ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል፣ ታዲያ ምን ጎደለ? ይህ ተጠንቷል። ዴልጋዶና ባልደረቦቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ 54 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ተመሳሳይ ጽሑፍ በወረቀትና በስክሪን ሲነበብ ወረቀቱ በመረዳት ረገድ በትንሹ ይበልጣል። ልዩነቱ የታየው የሚያስረዳ፣ መረጃ ያለው ጽሑፍ ላይ ነው፤ ተረት ወይም ልብ ወለድ ሲሆን ልዩነት አልታየም። ጊዜ ሲጠብ ደግሞ የወረቀቱ ብልጫ ይሰፋል። አንብበህ አትለፈው፣ ለአንተ ትልቅ ትርጉም አለው። የውርጭ ትምህርትህ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በስልክ ያነበበ ልጅ ላይጎዳ ይችላል፤ አምስት እርከን ያለውን ምክንያት በስልክ ያነበበ ግን ሳይገባው የገባው ሊመስለው ይችላል።

ለምን? ስክሪን ላይ ያለው ፊደል ሌላ ሆኖ አይደለም። ስልክ ላይ የለመድነው እጅ ሌላ ስለሆነ ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ መግፋት ለምዷል። ከላይ መልእክት ይገባል፣ ከታች ሌላ ቪዲዮ ይጠብቃል። ተማሪው የውርጩን ፒዲኤፍ ሲከፍት ያንን ልማድ ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው። ልዩነቱ ትንሽ ነው ብያለሁ፤ ትንሽ ነው። «ስክሪን አእምሮ አጠፋ» እያለ ስብሰባ ላይ የሚጮህ ሰው ይህን ጥናት እየጠቀሰ ከሆነ ያላለውን እያስባለው ነው።

አሁን የጠቅላላ ሐሳቡን ወሰን ልንገርህ፤ ማክሉሃንን ያነበቡ ሰዎች ከልክ በላይ ይሞቃቸዋል። የእሱና የተከታዮቹ ትልቁ አባባል ፊደልና ኅትመት አእምሮን ራሱን ለወጡ፣ ረቂቅ አስተሳሰብን አመጡ የሚል ነው። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ላይቤሪያ ውስጥ ቫይ በሚባል ሕዝብ ዘንድ ፈተኑት፤ ውጤቱን በ1981 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ቫዮች የራሳቸው ፊደል አላቸው፣ ብዙዎቹም ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከዘመድ ይማሩታል። ስለዚህ ፊደልን ከትምህርት ቤት ለይቶ ማየት ይቻላል። የተገኘው ምንድን ነው? ፊደሉን ያወቁት ካላወቁት በጠቅላላ የማሰብ ችሎታ አልበለጡም። በረቂቅ ጥያቄ ላይ፣ በተለይ የመልስን ምክንያት በቃል በማስረዳት፣ ለውጥ ያመጣው ትምህርት ቤት መዋል ነው። ፊደሉ ያመጣው ልዩነት ጠባብና ከአጠቃቀሙ ጋር የተያያዘ ነበር። በፊደላቸው ደብዳቤ መጻፍ የለመዱት፣ አንድን ጨዋታ ላላየው ሰው በማስረዳት ተሻሉ። ቁርኣን በቃል የያዙት ደግሞ በቅደም ተከተል በማስታወስ ተሻሉ። ሚዲያው የሰጣቸው በየቀኑ ያሠራቸውን ያንኑ ችሎታ ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ መሆን የለበትም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ከተማቸውን ባቆሙበት፣ በ1450ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ጉተንበርግ ማይንዝ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ እያተመ ነበር። ሁለቱም ቦታ መጽሐፍ ነበር። በንጉሡ ስም የሚታወቀው «መጽሐፈ ብርሃን» ግን በብራና በእጅ እየተጻፈ በቤተ ክርስቲያን ለምእመናን ጮክ ተብሎ እንዲነበብ የተሠራ ነው። አንዱ ያነባል፣ ብዙው ይሰማል። ከአጠቃቀሙ አንጻር ካየኸው ከጉተንበርግ ይልቅ ለሬዲዮ ይቀርባል፤ ፊደል ስላለበት ብቻ «ኅትመት» ያመጣውን ለብቻ በዝምታ የማንበብ ልማድ አመጣ ማለት አይቻልም። ዳዊት የደገመ የቆሎ ተማሪም ፊደል ያውቃል፣ ግን ፊደሉ ያሠራው ሌላ ሥራ ነው፦ ዜማ፣ ቃል በቃል መያዝ፣ ከመምህሩ አፍ መቀበል። ያም ትልቅ ችሎታ ነው።

ይህ ወሰን ለአንተ ምን ይለውጣል? ወረቀት ስላደልክ ብቻ ተማሪው ያስባል ብለህ አትጠብቅ። ወረቀቱን ጮክ ብሎ በአንድ ድምፅ እንዲያነቡት ካደረግህ ሬዲዮ ነው ያደረግኸው። ወደ ኋላ እንዲመለሱ የሚያስገድድ ጥያቄ ካልጠየቅህ ወደ ኋላ አይመለሱም።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ምክንያቱን በወረቀት አስተምር። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ለሁለት ተማሪ አንድ ገጽ ይበቃል፤ እንዲያውም ሁለት ሆነው አንድ ወረቀት ላይ ሲከራከሩ ይሻላል። ቪዲዮውን አትጣለው፣ ግን ትምህርቱን አታሸክመው። አንድ ደቂቃ ብቻ ይሁን፣ አንድ ቅጠል ማታ፣ ጠዋትና ረፋድ፣ ያለ ሙዚቃና ያለ ማብራሪያ። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ አሳያቸውና «ምን ሆነ?» ብለህ ጠይቅ፣ ከዚያ ወረቀቱን ስጣቸው። ቅጠሉ ጥያቄውን ይከፍታል፣ ወረቀቱ ምክንያቱን ይይዛል። ድምፅ ማጉያውን ለማስጠንቀቂያ ብቻ ተጠቀምበት፤ ሰማዩ በጠራበት ከሰዓት በኋላ ከመለቀቃቸው በፊት ያቺን አጭር መልእክት አስነግር። ቴሌግራሙ ላይ ቪዲዮው ይውጣ፣ ወላጅ ያየዋል፤ እዚያ ላይ ግን ትምህርቱን ጨረስን እንዳትሉ።

ካላመኑህ ፈትነው። 10ሀ ወረቀቱን ብቻ፣ 10ለ የሚኒ ሚዲያውን ንባብ ብቻ፣ 10ሐ ቪዲዮውን ብቻ ያግኙ። ሦስቱንም ክፍል አንድ መምህር ይያዝ፣ አለበለዚያ የምትለካው መምህሩን ነው። ፈተናው በዚያው ቀን አይሁን፣ ከሳምንት በኋላ ይሁን። «ውርጭ ምንድን ነው?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሦስቱም ይመልሱታል፣ ቪዲዮ ያዩት ምናልባት አሳምረው። እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ «ሌሊቱ ጥርት ያለ ነው፣ ነፋስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይነፍሳል። ረባዳው ላይ ያለው ባቄላ ምን ይሆናል? ለምን?» ከዚያ «እኩለ ሌሊት ላይ ደመና ቢመጣስ?» በል። መልሱን ስታርም ልክ መሆኑን ብቻ አትቁጠር፣ «ምክንያቱም» ከሚለው በኋላ የመጣውን አንብብ። ደንቡን ብቻ የያዘ ልጅ «ሰማዩ ስለጠራ ይመታል» ብሎ ይዘጋል። ሰንሰለቱን የያዘው ነፋሱ አየሩን እንደሚደባልቅ ያስታውሳል። በተጨማሪ 10 ተማሪ መርጠህ ቤታቸው ስለ ውርጩ ለማን እንደተናገሩ ጠይቃቸው። እዚህ ላይ 10ለ ቢበልጥ አትገረም።

የቴሌግራሙን ላይክ መቁጠር ግን ተው፤ እሱ የሚነግርህ ስንት አውራ ጣት እንዳለፈበት ነው። የክፍሎቹ ተማሪ ቁጥርና ያለፈው ሰሚስተር ውጤት በጣም የሚለያይ ከሆነም ፈተናውን ባትሠራው ይሻላል፤ ውጤቱን ይዞ ስብሰባ ላይ የሚቆም መምህር አይጠፋም፣ በኋላ መመለስ ያስቸግርሃል።